ጫፉ የሚወርድ የግቢ በር፦ ስለ ምሰሶው፣ ስለ ማጠፊያውና ስለ ሰያፉ

ጥያቄ፦ ቢሾፍቱ ዳርቻ ላለው የከብት ግቢዬ 3 ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ከ50 ቁመት ያለው ባለ አንድ መዝጊያ የባሕር ዛፍ በር አሠርቼ ነበር። አንድ ክረምት እንዳለፈ የመቀርቀሪያው ጫፍ ወርዶ መሬት መፋቅ ጀመረ። አናጢው ተመልሶ መጥቶ ከላይኛው ማጠፊያ ጀምሮ ወደ ታችኛው የመቀርቀሪያ ጥግ የሚወርድ ሰያፍ እንጨት በሚስማር መታበት፤ ሦስት ወር ሳይቆይ እንደገና ወረደ። ምሰሶዎቹን ነቅዬ ሁሉንም እንደ አዲስ ላሠራው ወይስ የሚስተካከል ማጠፊያ ብቻ ይበቃኛል? ዳግመኛ እንዳይወርድስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምሰሶ ለመንቀል ዶማ ከማንሳትዎ በፊት ግማሽ ቀን ለመለካት ይስጡ። የጻፉልኝ ስለ ሰያፉ ብዙ ይነግረኛል፤ ስለ ምሰሶው ግን ምንም አይነግረኝም። የመዝጊያ ጫፍ ሊወርድ የሚችለው በሦስት ምክንያቶች ነው። ማጠፊያዎቹ የታሰሩበት ምሰሶ፣ ከዚህ በኋላ ተሸካሚ ምሰሶ የምለው፣ ወደ መግቢያው ሊያዘነብል ይችላል። የመዝጊያው ክፈፍ ራሱ ማዕዘኑን ስቶ ሊጣመም ይችላል። ወይም የማጠፊያው ፒን በልቶ ሊላላ ይችላል። ሦስቱም ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ መድኃኒታቸው ግን ለየብቻ ነው። የሚስተካከል ማጠፊያ የምሰሶውን ማዘንበል ያርማል፣ ሰያፉ ደግሞ የክፈፉን መጣመም ይከለክላል። አንዱን በሌላው ቦታ የተጠቀመ ሰው ለጥቂት ወራት ተሳክቶለት እንደገና ይቸገራል።

የመጀመሪያውን ምርመራ ያለ ምንም መሣሪያ ማድረግ ይቻላል። መቀርቀሪያውን ከፍተው መዝጊያውን እስከ ግማሽ ድረስ ይግፉትና ይልቀቁት። ንፋስ ሳይኖር በራሱ ተመልሶ ከተዘጋ፣ ተሸካሚው ምሰሶ ወደ መግቢያው አዘንብሏል ማለት ነው፤ ምክንያቱም ያዘነበለ ምሰሶ ላይ የተንጠለጠለ መዝጊያ ዝቅተኛውን ቦታ ይፈልጋል፣ ያ ዝቅተኛ ቦታም የተዘጋበት ቦታ ነው። እንዲህ ያለው በር ሲዘጋ መሬት ይፍቃል፣ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ግን መሬቱ ሜዳ እስከሆነ ድረስ ጫፉ ከፍ ይላል። በአንጻሩ መዝጊያው በተውት ቦታ ሁሉ ቀጥ ብሎ የሚቆም ከሆነና ሲዘጋም ሲከፈትም በእኩል መጠን የሚፍቅ ከሆነ፣ ምሰሶው ደኅና ነው፤ የተጣመመው ክፈፉ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሁለቱም አብረው ይገኛሉ፤ ስለዚህ የእያንዳንዳቸውን ድርሻ ለማወቅ ወደ ሜትሩ መሄድ ያስፈልጋል።

በቾ ውስጥ ለአንድ የወተት ላም አርቢ ያስተካከልኩት በር ከእርስዎ በር ጋር ስፋቱም ቁመቱም አንድ ስለነበር ልኩን እንዳለ ልንገርዎት። በማጠፊያዎቹ መካከል ያለው ርቀት 1 ሜትር ከ10 ነበር። በመጀመሪያ በውኃ ልክ ቱቦ የላይኛውን አግዳሚ ሁለት ጫፎች ሳስተያይ የመቀርቀሪያው በኩል 60 ሚሊ ሜትር ወርዶ ተገኘ። ቀጥዬ ቱንቢ ከተሸካሚው ምሰሶ አናት ላይ አወረድኩና ክሩ ከምሰሶው ያለውን ርቀት በላይኛውና በታችኛው ማጠፊያ ልክ ለካሁት፤ ልዩነቱ 14 ሚሊ ሜትር ሆነ። ይህ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን መዝጊያው 3 ሜትር ርዝመት ስላለው፣ በ1 ሜትር ከ10 ላይ የታየው 14 ሚሊ ሜትር ጫፉ ጋ ሲደርስ 38 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ 14ን በ3 አባዝቶ ለ1.1 ማካፈል ነው። ከዚያ መዝጊያውን ከጥግ እስከ ጥግ በሁለቱም ሰያፍ ለካሁት። አራት ማዕዘኑ ትክክል ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ልኮች እኩል መሆን ነበረባቸው፤ ከላይኛው ማጠፊያ ወደ ታችኛው የመቀርቀሪያ ጥግ የሚሄደው ግን ከሌላው በ18 ሚሊ ሜትር ረዝሞ አገኘሁት። በዚህ መጠን ባለው መዝጊያ ላይ በሁለቱ ሰያፎች መካከል የሚታይ የ9 ሚሊ ሜትር ልዩነት ጫፉ 10 ሚሊ ሜትር ያህል መውረዱን ያሳያል፤ ስለዚህ የክፈፉ ድርሻ 20 ሚሊ ሜትር ነበር። 38 እና 20 ሲደመሩ 58 ናቸው፤ የቀረችው ጥቂት ሚሊ ሜትር የፒኑ መላላት ነበረች። እንዲህ የተለካ በር ላይ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ መከራከር አያስፈልግም፦ ሁለት ሦስተኛው የምሰሶው፣ አንድ ሦስተኛው የክፈፉ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ሰያፍ እንምጣ። ክፈፉ ሲጣመም የመቀርቀሪያው በኩል ያለው ቋሚ እንጨት ወደ ታች ይንሸራተታል። በዚህ ጊዜ ከላይኛው ማጠፊያ ወደ ታችኛው የመቀርቀሪያ ጥግ ያለው ርቀት ይረዝማል፤ ከታችኛው ማጠፊያ ወደ ላይኛው የመቀርቀሪያ ጥግ ያለው ደግሞ ያጥራል። ስለዚህ በመጀመሪያው መስመር ላይ የሚቀመጥ ነገር ሁሉ ይጎተታል፣ በሁለተኛው መስመር ላይ የሚቀመጠው ደግሞ ይጨመቃል። እንጨት ሲጨመቅ ጎበዝ ነው፤ ሁለቱ ጫፎቹ ጥግ ውስጥ ጥብቅ ብለው ከተቀመጡ ሸክሙን የሚይዘው ራሱ እንጨቱ ነው፣ ሚስማሩ ቦታውን ብቻ ይጠብቅለታል። እንጨት ሲጎተት ግን ሸክሙ ሁሉ ጫፉ ላይ በተመቱት ሦስት አራት ሚስማሮች ላይ ይወድቃል፤ ሚስማሮቹም ቀዳዳቸውን እያሰፉ ቀስ በቀስ ይለቃሉ። የእርስዎ አናጢ የመታው ሰያፍ በመጎተቻው መስመር ላይ ነው። በሦስት ወር መልቀቁም የሚጠበቅ ነበር፤ ሚስማሮቹን ቢያዩአቸው ዘንበል ብለው፣ ቀዳዳቸውም ሞላላ ሆኖ ያገኟቸዋል።

ያው መስመር በራሱ የተሳሳተ አይደለም፤ የተሳሳተው በዚያ መስመር ላይ እንጨት መምታቱ ነው። በዚያ አቅጣጫ መሄድ ያለበት የሚጎተት ነገር ነው፦ ጫፉና ጫፉ በቡሎን የታሰረ 10 ሚሊ ሜትር የብረት ዘንግ፣ መሐሉ ላይ እየዞረ የሚወጥር መሣሪያ ቢኖረው ደግሞ የተሻለ። ዘንግ ሲጨመቅ ይጎብጣል፣ ሲጎተት ግን አይበገርም። በአጭሩ እንጨት ከታችኛው ማጠፊያ ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀጭን ብረት ከላይኛው ማጠፊያ ተነሥቶ ወደ ታች ይወርዳል። በያጅ የሚሠራው የቱቦላሬ ክፈፍ ከዚህ ትንሽ ይለያል፤ ቱቦላሬው በአራቱም ጥግ በሚገባ ከተበየደ መጎተትንም መጨመቅንም ስለሚችል አቅጣጫው ያን ያህል አያስጨንቅም። የእንጨት በር ላይ ግን አቅጣጫው ወሳኝ ነው።

አንድ ሌላ ስሕተት እዚህ ላይ ማንሳት አለብኝ፤ ምክንያቱም እርስዎም በአዲሱ ሥራ ላይ እንዳይደግሙት እሰጋለሁ። 3 ሜትር በ1 ሜትር ከ50 የሆነ መዝጊያ ላይ ከጥግ ወደ ጥግ የሚሄድ አንድ ሰያፍ ከአግዳሚው ጋር የሚያበጀው ማዕዘን 27 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ሰያፍ በተጋደመ ቁጥር ያንኑ ክብደት ለመያዝ የበለጠ ይጨነቃል፤ እንጨቱም ረጅም ስለሚሆን መጉበጥ ያምረዋል። ስለዚህ መሐል ላይ አንድ ቋሚ እንጨት አስገብተው መዝጊያውን በሁለት እኩል ቦታ ይክፈሉት፤ እያንዳንዱም ክፍል 1 ሜትር ከ50 በ1 ሜትር ከ50 ስለሚሆን ሰያፎቹ 45 ዲግሪ ላይ ይቆማሉ። ስሕተቱ የሚመጣው ይህን ጊዜ ነው፤ አናጢዎች ለውበት ብለው ሁለቱን ሰያፎች ፊት ለፊት ያደርጓቸዋል፣ አንዱ ወደ መሐል ይወጣል ሌላው ከመሐል ይወርዳል። ያን ጊዜ ሁለተኛው ሰያፍ በመጎተቻው መስመር ላይ ይወድቅና እንደ አሁኑ ይለቃል። ሁለቱም ጎን ለጎን እንደቆሙ መሰላሎች በአንድ አቅጣጫ፣ ከማጠፊያው በኩል ከታች ተነሥተው ወደ መቀርቀሪያው በኩል ወደ ላይ መውጣት አለባቸው። አያምርም የሚል ቢመጣ፣ የላሙን በር እንጂ የሠርግ ድንኳን እየሠራን አይደለም።

ክፈፉን ለማረም መዝጊያውን አውርደው ሜዳ ላይ፣ አራት እኩል ድንጋዮች ወይም ብሎኬቶች ላይ ያጋድሙት። አሮጌውን ሰያፍ ያንሡና ሚስማሮቹን ይንቀሉ። በረዘመው መስመር ላይ፣ ማለትም ከላይኛው ማጠፊያ ጥግ ወደ ታችኛው የመቀርቀሪያ ጥግ፣ ጠንካራ ገመድ ሁለት ዙር ያስሩ፤ መሐሉ ላይ ዱላ አስገብተው ገመዱን እየጠመዘዙ ጥጎቹን ወደ እርስ በርሳቸው ይሳቡ። ሁለቱ ሰያፍ ልኮች እኩል ሲሆኑ ክፈፉ ማዕዘኑን አግኝቷል። እኔ ግን እዚያ አልቆምም፤ የገመዱ መስመር ከሌላው በ4 ወይም በ5 ሚሊ ሜትር እስኪያጥር ድረስ አንድ ሁለት ዙር እጨምራለሁ። እንጨት ለመጀመሪያ ጊዜ ሸክም ሲያርፍበት መጋጠሚያው ሁሉ ጥቂት ስለሚረግብ፣ አስቀድሞ ጫፉን በትንሹ ከፍ ማድረግ ያንን መርገብ ይቀበላል።

ገመዱ እንደተወጠረ የሰያፉን እንጨት ከክፈፉ ሥር አስገብተው የጥጎቹን መስመር በእርሳስ ያንሡበት። በሜትር ለክቶ ከመቁረጥ ይልቅ ከእውነተኛው ቦታ ላይ ልኩን መውሰድ ይሻላል፤ የባሕር ዛፍ ሞራሌ ፍጹም ቀጥ ያለ ሆኖ አይገኝምና። መስመሩን ትተው ከውጭው ጠርዝ ይቁረጡ፤ ሰያፉ በመዶሻ እየተመታ መግባት አለበት እንጂ በእጅ ተገፍቶ መግባት የለበትም። የታችኛው ጫፍ በአግዳሚው ላይ ብቻ ሳይሆን የማጠፊያውን ቋሚ እንጨትም መግፋት አለበት፤ ሸክሙ በመጨረሻ የሚደርሰው እዚያ ነውና የታችኛው ማጠፊያ ከዚያ ነጥብ ባይርቅ ጥሩ ነው። ጫፎቹን በ10 ሚሊ ሜትር ቡሎን፣ በሁለቱም ፊት ሰፊ ሮንዴላ አድርገው ይሰሩ። ሚስማር ቡሎኑ እስኪገባ ድረስ ለመያዣ ብቻ ያገልግል።

እንጨቱ ደረቅ ይሁን። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ በርዝመቱ ይህን ያህል አይቀንስም፣ በወርዱ ግን በሚታይ መጠን ይሸማቀቃል፤ 10 ሳንቲ ሜትር የነበረው አግዳሚ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢያጣ ጥብቅ የነበረው ሰያፍ ክፍተት ያገኛል። ደረቅ እንጨት ካላገኙ በመጀመሪያው በጋ መጨረሻ ላይ የሰያፉን ጫፍ በምስማር ጫፍ ወይም በቀጭን ቢላ ይፈትሹት። ቢላው ከገባ ከጠንካራ እንጨት ቀጭን ሽብልቅ ሠርተው ይምቱበትና ቡሎኖቹን እንደገና ያጥብቁ።

ወደ ማጠፊያው እንለፍ። ለዚህ ዓይነት በር የምመርጠው የሚስተካከል ማጠፊያ በምሰሶው ውስጥ ለውስጥ የሚያልፍ ዘንግ ነው። 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ፊሌቶ የወጣለት ዘንግ ጫፉ ላይ ቀጥ ያለ ፒን ተበይዶበት ይዘጋጃል፤ በመዝጊያው ላይ ደግሞ ፒኑን የሚቀበል ቀለበት ያለው ጠፍጣፋ ብረት በቡሎን ይታሰራል። ዘንጉ ምሰሶውን በትራፓኖ በተበሳ ቀዳዳ አልፎ ከወዲህም ከወዲያም በዳዶና በሮንዴላ ይያዛል። አንዱን ዳዶ አላልቶ ሌላውን ማጥበቅ ፒኑን ወደ ምሰሶው ያስጠጋዋል ወይም ያርቀዋል። ማንኛውም በያጅ ይህን መሥራት ይችላል፤ ብቻ ፊሌቶው ከምሰሶው ውፍረት ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ተርፎ እንዲወጣ ይንገሩት፤ እጥረቱ የሚታወቀው ማስተካከል ያስፈለገ ዕለት ነው።

ሁለቱን ማጠፊያዎች የምታራርቁትን ያህል ይራራቁ። ምክንያቱን ለመረዳት የመዝጊያዎን ክብደት ማወቅ ይጠቅማል፤ የማጠፊያውን በኩል ብሎኬት ላይ፣ የመቀርቀሪያውን በኩል በዚያው ከፍታ ሚዛን ላይ አሳርፈው ይመዝኑት፣ ሚዛኑ የሚያሳየው የክብደቱን ግማሽ ነው። የበቾው በር ሚዛኑ ላይ 40 ኪሎ አሳየ፣ ሙሉ ክብደቱ እንግዲህ 80 ነበር። የዚያ ክብደት ማዕከል ከማጠፊያው 1 ሜትር ከ50 ርቆ ስለሚገኝ፣ 1 ሜትር ከ10 የተራራቁት ማጠፊያዎች ላይ የላይኛው በ109 ኪሎ ጉልበት ይጎተታል፣ የታችኛውም በዚያው ልክ ወደ ምሰሶው ይገፋል። ማጠፊያዎቹን 1 ሜትር ከ30 ሳራርቃቸው ጉተታው ወደ 92 ኪሎ ወረደ፤ ለዚህ የከፈልነው ሁለት አዲስ ቀዳዳ ብቻ ነው። በነገራችን ላይ 30 ኪሎ የሚመዝን የእረኛ ልጅ ጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ ቢወዛወዝ በላይኛው ማጠፊያ ላይ ሌላ ወደ 70 ኪሎ ይጨምራል፤ በሩን ለማበላሸት ከክብደቱ ይልቅ የሚያስፈልገው ያ ጨዋታ ነው፣ ልጆቹን ግን ማሸነፍ አልቻልኩም።

መዝጊያውን ሲሰቅሉ ሁለቱንም ዘንጎች በፊሌቷቸው መሐል ላይ ያድርጓቸው፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ለማስተካከል ቦታ እንዲተርፍ ነው። የመዝጊያውን ቁልቁል ክብደት የታችኛው ፒን ብቻ ይሸከም፤ በላይኛው ቀለበትና በፒኑ ትከሻ መካከል 3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዉ። ሁለቱም እንዲሸከሙ የተደረገ እንደሆነ አንዱ ሁልጊዜ ቀድሞ ይጫናል፣ እሱም ቀድሞ ይበላል። የታችኛውን ፒን ወደ ላይ፣ የላይኛውን ወደ ታች ካዞሩት መዝጊያውን አንሥቶ መውሰድ አይቻልም፤ ሲሰቅሉ ግን የላይኛውን ዘንግ አስቀድመው ቀለበቱ ውስጥ አስገብተው ከመዝጊያው ጋር ወደ ቀዳዳው መግፋት ይኖርብዎታል። ከዚያ ቱንቢውን በሁለቱ ፒኖች በኩል ያውርዱት። ፒኖቹ አንዱ በአንዱ ላይ ቀጥ ብለው ከቆሙ መዝጊያው በተውት ቦታ ይቆማል።

የማስተካከያውን ልክ በቀላሉ ማስታወስ ይቻላል። የ20 ሚሊ ሜትር ዘንግ የተለመደው ፊሌቶ በአንድ ሙሉ ዙር 2.5 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። ማጠፊያዎቹ 1 ሜትር ከ30 ሲራራቁና መዝጊያው 3 ሜትር ሲሆን፣ የላይኛውን ፒን በአንድ ዙር ወደ ምሰሶው ማስጠጋት የመቀርቀሪያውን ጫፍ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ያነሣዋል። የታችኛውን በአንድ ዙር ማራቅም ያንኑ ያደርጋል። ጫፉ 3 ሳንቲ ሜትር ከወረደ እንግዲህ አምስት ዙር ነው፤ ከላይ ሦስት፣ ከታች ሁለት ቢያካፍሉት በመዝጊያውና በምሰሶው መካከል ያለው ክፍተትም ብዙ አይዛባም። ሲያዞሩ ጫፉን በድንጋይና በእንጨት ደግፉት፤ ሸክም ላይ ያለ ፊሌቶ ሲዞር ጥርሱ ይላጣል።

እዚህ ላይ የማጠፊያውን ገደብ ማየት ይቻላል። ጫፉ የወረደው ክፈፉ ተጣምሞ ሳለ ይህንን ዳዶ ብቻ ብናዞር በእርግጥ ጫፉ ይነሣል፤ ነገር ግን ፒኖቹ አንዱ በአንዱ ላይ መሆናቸው ይቀራል፣ ላይኛው ወደ ኋላ ይሸሻል። ያን ጊዜ የተዘጋበት ቦታ ከፍተኛው ቦታ ይሆንና መቀርቀሪያው እንደተከፈተ መዝጊያው በራሱ ተከፍቶ ይሄዳል። ከብት ላለበት ግቢ ይህ ከመፋቁ የባሰ ነው። በራሱ የሚከፈት በር ካዩ፣ አንድ ሰው የክፈፍ ሕመምን በማጠፊያ እንዳከመ ይወቁ።

ምሰሶው ከሁሉም ይበልጥ የአገሩን አፈር ይመለከታል። ቢሾፍቱ ዙሪያም በቾም የሚገኘው ጥቁር አፈር፣ ዋልካው፣ ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ እስኪያወጣ ድረስ ይሰባሰባል። ምሰሶው በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ይፈታል ማለት ነው። መዝጊያውም ያለ ማቋረጥ ወደ መግቢያው ስለሚስበው አፈሩ በለሰለሰ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይሄድና አይመለስም። ምሰሶው ሲያዘነብል አፈሩን የሚገፋው በሁለት ቦታ ብቻ ነው፦ ከላይ ከመሬቱ ወለል አጠገብ በመግቢያው በኩል፣ ከታች ደግሞ በጉድጓዱ ግርጌ በተቃራኒው በኩል። ስለዚህ ኮንክሪት ሙሉ በሙሉ ለመሙላት አቅም ባይፈቅድ እንኳ፣ ጠፍጣፋ ትልልቅ ድንጋዮች በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ምሰሶውን ተደግፈው ቢቀመጡ ዙሪያውን በጠጠር ከመሙላት እጅግ ይበልጣሉ። በዋልካ ውስጥ ዙሪያውን በጠጠር የተሞላ ጉድጓድ የክረምቱን ውኃ ሰብስቦ እንደ ጉድጓድ ውኃ ይይዘዋል፣ አፈሩንም ከታች ያለሰልሰዋል።

ምሰሶውን መቀየር ግድ ከሆነ ግን ሥራውን በበጋ ይጀምሩ። ከመሬት በላይ 1 ሜትር ከ70 ለሚቆም ተሸካሚ ምሰሶ እኔ 1 ሜትር ከ20 ወደ ታች እቆፍራለሁ፤ በሌላ አፈር ላይ ከዚያ ያነሰ ይበቃ ነበር፣ ዋልካ ግን ላይኛው ክፍሉ ስለሚንቀሳቀስ መያዣውን ከሥሩ መፈለግ ያስፈልጋል። ጉድጓዱ ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ይበል። አንዳንድ ግንበኞች እንደ እንጉዳይ ከላይ ሰፋ አድርገው ኮንክሪቱን መሬት ላይ ያፈሱታል፤ ያበጠው አፈር ከሥር ገብቶ ያንን ጆሮ ይዞ ምሰሶውን ወደ ላይ ያነሣዋል። አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር ለዚህ ሥራ በቂ ነው። ምሰሶው የእንጨት ከሆነ ኮንክሪቱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ውኃ ይቋጥርና ቶሎ ይበሰብሳል፤ በዚህ ምክንያት በኮንክሪት የሚተከለው 10 በ10 ቱቦላሬ ቢሆን፣ አናቱም በላሜራ ቢከደን እመርጣለሁ። ኮንክሪቱን ቢያንስ ሰባት ቀን ውኃ ያጠጡት፤ መዝጊያውን ከዚያ በፊት አይስቀሉ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ደግሞ የጉተታው አቅጣጫ ከመዝጊያው ጋር አብሮ መዞሩ ነው። በሩ ሲዘጋ ምሰሶው ወደ መግቢያው ይሳባል፣ ሲከፈት ወደ ግቢው ውስጥ። ከጠዋት እስከ ማታ ተከፍቶ የሚውል በር ምሰሶውን ወደ ውስጥ ያዘነብለዋል፤ ስለዚህ ቱንቢውን በአንድ ገጽ ብቻ ሳይሆን በሁለት ገጽ ማውረድ ይገባል። የሚስተካከለው ዘንግ ምሰሶውን በሚያልፍበት አቅጣጫ እንጂ ወደ ጎን ማረም ስለማይችል ወደ ውስጥ የተደረገው ማዘንበል በዳዶ አይመለስም። መፍትሔው ርካሽ ነው። በሩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ጫፉ የሚያርፍበት አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ሲዘጋ ደግሞ በተቀባዩ ምሰሶ ሥር ትንሽ ተዳፋት ያለው ማረፊያ ይሥሩለት። ጫፉ ወደ ማረፊያው ሲገባ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ እንዲል ካደረጉት፣ ቀኑንም ሌሊቱንም ምሰሶው ሸክም የሚይዘው በሩ በሚንቀሳቀስበት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይሆናል። ተቀባዩ ምሰሶ ግን ሸክም እንዳይቀበል መቀርቀሪያው ቀዳዳው ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች ሁለት ሳንቲ ሜትር ነፃነት ይኑረው፤ አለበለዚያ የወረደውን በር በየቀኑ እየጎተቱ በመቀርቀሪያው ማንጠልጠል ይጀመራል፣ ሁለቱም ምሰሶዎች ወደ እርስ በርስ ይመጣሉ።

ለእርስዎ በር እንግዲህ የማዘው ይህ ነው። ምሰሶውን አይንኩ፣ በቱንቢ ግን በሁለቱም ገጽ ይለኩት። ክፈፉን አውርደው በገመድ ወደ ማዕዘኑ ይመልሱ፣ መሐል ቋሚውንና ሁለቱን ሰያፎች ከላይ በተናገርኩት አቅጣጫ ያስገቡ። ማጠፊያዎቹን ወደ 1 ሜትር ከ30 አራርቀው በፊሌቶ ዘንግ ይቀይሯቸው። ከመሬት የሚተዉት ክፍተት በበጋ 10 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ዋልካው ክረምት አብጦ ወለሉን ራሱን ስለሚያነሣው በበጋ 5 ሳንቲ ሜትር በቂ የሚመስለው በነሐሴ አይበቃም። ፒኖቹን በግራሶ ያልብሱ፤ ፊሌቶውንም ጭምር፣ የዛገ ዳዶ የሚስተካከል ማጠፊያን ወደ ተራ ማጠፊያ ይለውጠዋልና።

ከዚያ በኋላ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጥቅምትና በግንቦት፣ ሁለቱን ሰያፍ ልኮችና ቱንቢውን ይለኩና በሩ ላይ በቀለም ይጻፏቸው። በየክረምቱ የላይኛውን ዳዶ ሁለት ሦስት ዙር ማዞር ካስፈለገ ያ የዋልካ ባሕርይ ነው፣ አይደንግጡ። ምሰሶው በጋ ሲመጣ ወደ ቦታው የማይመለስና በየዓመቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ከሆነ፣ በማጠፊያዎቹ መካከል ያለውም ልዩነት 4 ሳንቲ ሜትር ከደረሰ፣ ፊሌቶው ከሚያልቅ በፊት ምሰሶውን ይንቀሉት፤ መዝጊያው ግን ማዕዘኑን ከጠበቀ በአዲሱ ምሰሶ ላይ እንዳለ ይሰቀላል።